ጥቅሱ ከዋናው ጋር ሲገናዘብ

አሥራ አራት አንቀጽ ያለው የሱቅ ኪራይ ውል እንውሰድ። ውሉ ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፤ አንቀጾቹ ግን ማንም ነጋዴ የሚያውቃቸው ዓይነት ናቸው። የወር ኪራዩ 30,000 ብር ነው፤ የስድስት ወሩ በቅድሚያ ይከፈላል፤ የዘገየ መቀጫ አለበት። ተከራዩ ከመፈረሙ በፊት ውሉን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሠራ የሰነድ መርማሪ ፕሮግራም ሰጠውና «ተከራይን የሚጎዳ ወይም የሚያስገድድ ነገር ካለ አውጣልኝ» አለው። ፕሮግራሙ አምስት ነጥቦች አወጣ። ከአምስቱ አንዱ፣ ኪራዩ በየዓመቱ 10 በመቶ እንደሚጨምር ይናገራል።

ተከራዩ ውሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢያገላብጠው እንዲህ የሚል አንቀጽ የለም። ተሳስቶ የተነበበ አንቀጽ ቢሆን ኖሮ የተሳሳተበትን ቦታ ማግኘት ይቻል ነበር። እዚህ ግን የሚሳሳቱበት መስመር እንኳን የለም።

ነገሩ ከየት መጣ? ከእነዚህ ፕሮግራሞች በስተጀርባ ያለው የቋንቋ ሞዴል የሚጽፈው፣ እስካሁን ከተጻፈው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን እየገመተ ነው። በተማረበት ጽሑፍ ውስጥ በርካታ የኪራይ ውሎች አሉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የዋጋ ጭማሪ አንቀጽ አላቸው። ስለዚህ ስለ አንድ የኪራይ ውል ሲጽፍ፣ ጭማሪ የሚለው ሐሳብ ብዕሩ ጫፍ ላይ ይመጣል። ፊቱ ያለው ውል ስለ ጭማሪ ምንም አለማለቱ ሁልጊዜ አያስቆመውም። በዚያ ላይ የሌለውን ነገር የሚጽፈው፣ ያለውን በሚጽፍበት በዚያው በተረጋጋ አጻጻፍ ነው። አንባቢ አጻጻፉን አይቶ ሁለቱን መለየት አይችልም።

በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት አንድ ዘዴ አለ፤ ርካሽና ቀላል ነው። ሞዴሉ ለሚያወጣው ለእያንዳንዱ ግኝት፣ ግኝቱ የተመሠረተበትን ዓረፍተ ነገር ከሰነዱ ላይ ቃል በቃል እንዲገለብጥ ይገደዳል። ከዚያ ሌላ፣ ምንም «አስተውሎት» የሌለው ተራ ፕሮግራም ያንን ጥቅስ ይዞ ሰነዱ ውስጥ ይፈልገዋል። ካገኘው ግኝቱ ያልፋል፤ ካላገኘው ግኝቱ ይያዛል። ፍለጋው በፓይተን ቋንቋ ሲጻፍ ከዚህ አይረዝምም፦

```python
quote in text
```

ኮምፒዩተሩ `True` ካለ ጥቅሱ ሰነዱ ውስጥ አለ፤ `False` ካለ የለም።

የትምህርት ማስረጃ ፎቶ ኮፒ ከዋናው ጋር ለማገናዘብ ቢሮ የሄደ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል። መዝጋቢዋ ዋናውንና ቅጂውን ጎን ለጎን አድርጋ ታያለች፤ አንድ ከሆኑ ማኅተም ትመታለች። ማኅተሙ የሚመሰክረው ቅጂው ከዋናው አለመለየቱን ብቻ ነው። ባለማስረጃው ትምህርቱን ያውቀው አያውቀው የእሷ ጉዳይ አይደለም። የጥቅስ ፍለጋውም ሥልጣን እዚያው ላይ ያበቃል።

ማገናዘቡን ለራሱ ለሞዴሉ መስጠት የሚያጓጓ ይመስላል። ነገር ግን ጥቅሱን የፈጠረው አሠራርና «አዎ፣ አረጋግጫለሁ» ብሎ የሚጽፈው አሠራር አንድ ናቸው። ተራው ፕሮግራም አማርኛ ስለማያውቅ፣ ውል ምን እንደሆነም ስለማይገባው፣ ሊመጣ ይችላል ብሎ የሚሞላው ነገር የለውም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውም ይኸው ድንቁርናው ነው።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። ሞዴሉ ግኝቱን አስቀድሞ ጽፎ ጥቅሱን በኋላ እንዲያመጣ ከተጠየቀ፣ ለጻፈው ነገር ማስረጃ ወደ ማፈላለግ ይሄዳል፤ ባይኖርም አንዱን ያስጠጋል። ጥቅሱን አስቀድሞ ከገለበጠ ግን ቀጥሎ የሚጽፈው ግኝት አሁን ከገለበጠው ዓረፍተ ነገር እየተነሣ ነው። ስለዚህ በደንብ የተዘጋጀ ትእዛዝ በመጀመሪያ የአንቀጹን ቁጥር፣ ቀጥሎ ጥቅሱን፣ በመጨረሻ ግኝቱን ይጠይቃል። ጥቅስ ካልተገኘለትም ግኝቱን እንዲተወው በግልጽ ይፈቅድለታል።

ወደ ውላችን እንመለስና አምስቱን ግኝቶች ከነጥቅሶቻቸው እናገናዝብ።

የመጀመሪያው ስለ መቀጫ ነው። ጥቅሱ «ተከራይ ኪራዩን ወሩ በገባ በ5ኛው ቀን ካልከፈለ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን ከወር ኪራዩ 1 በመቶ መቀጫ ይከፍላል።» ይላል። አንቀጽ 7 ላይ ፊደል ሳይጎድል ተገኘ። ግኝቱም በቀን 300 ብር፣ አሥር ቀን ለዘገየ ሰው 3,000 ብር መሆኑን ይናገራል፤ ስሌቱ ልክ ነው። አለፈ።

ሁለተኛው የዋጋ ጭማሪው ነው። ሞዴሉ «የኪራይ ዋጋው በየዓመቱ በ10 በመቶ ይጨምራል።» የሚል ጥቅስ ሰጠ። ጥቅሱ በጥሩ የውል አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ውሉ ውስጥ ግን የለም። ፍለጋው `False` አለና ግኝቱ ተከራዩ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ዘዴው የተፈጠረው ለዚህ ነበር። ቢቀርም ታሪኩ እዚህ ያበቃ ነበር፤ ቀሪዎቹ ሦስቱ ግን እንዲህ ቀላል አይደሉም።

ሦስተኛው ስለ ጥገና ነው። አንቀጽ 8 «በሱቁ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነቱ የተከራይ ነው።» ይላል። ሞዴሉ ሲገለብጠው «ሀላፊነቱ» ብሎ ጻፈው። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን «ኃ» እና «ሀ» ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። እውነተኛው ጥቅስ እንደ ሐሰት ተቆጥሮ ወደቀ። አማርኛ ሰነድ ላይ ይህን ማገናዘቢያ የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር ይህ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ሰዎችም እንደየልማዳቸው ይጽፏቸዋል፤ ሞዴሉም ከሰዎች ስለተማረ የፊቱን ትቶ በለመደው ፊደል ይገለብጣል። በዚህ ላይ «ዓ.ም.» እና «ዓ/ም» አሉ፤ አራት ነጥብን በሁለት ተከታታይ ኮለን የሚተካ ጸሐፊ አለ፤ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ የሚያደርግ የቆየ ጽሑፍ አለ።

መፍትሔው ጥቅሱንም ሰነዱንም ለንጽጽር ብቻ ወደ አንድ አጻጻፍ ማምጣት ነው። ፕሮግራሙ ከመፈለጉ በፊት በሁለቱም ቅጂ ላይ ሃን፣ ሐን፣ ሓን፣ ኀን እና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ ይለውጣል፤ ሌሎቹንም እንዲሁ። ቀጥሎም ክፍተቶችንና ሥርዓተ ነጥቦችን አንድ ወጥ ያደርጋል። ለሰው የሚታየው ግን ምንጊዜም ዋናው፣ ባለቤቱ እንደጻፈው ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶች አቋራጭ ይመርጣሉ፤ «ጥቅሱ ከሰነዱ ጋር 95 በመቶ ከተመሳሰለ ይለፍ» ይላሉ። እኔ ለውልና ለገንዘብ ሰነድ ይህን አልመክርም። አንድ መቶ ፊደል ባለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «3 ወር» ወደ «8 ወር» ቢለወጥ የተለወጠው አንድ ፊደል ነው፤ መመሳሰሉ 99 በመቶ ይሆናል። ማስጠንቀቂያው ግን በአምስት ወር ይለያያል። በአማርኛ «ይከፈላል» እና «አይከፈልም» እንኳን በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲቀመጡ በመቶኛ ስሌት ብዙም አይራራቁም። የፊደል ልዩነቶቹን አስቀድመን ስለምናውቃቸው አንድ በአንድ መፍቀድ ይቻላል። አኃዝ ግን እንደ ተጻፈው መገኘት አለበት።

አራተኛው ግኝት ከሁሉም ይብሳል፤ ፍለጋውን በትክክል አልፏልና። ግኝቱ «ተከራይ ሱቁን ለሌላ ማከራየት ይችላል» ይላል። ጥቅሱ «ተከራይ የተከራየውን ሱቅ ለሦስተኛ ወገን ማከራየት» የሚል ነው። ፕሮግራሙ ፈለገ፤ አንቀጽ 9 ላይ አገኘው። ሙሉው አንቀጽ ግን እንዲህ ነው፦ «ተከራይ የተከራየውን ሱቅ ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ያለ አከራይ የጽሑፍ ፈቃድ አይችልም።»

ጥቅሱ ውስጥ አንድም የተፈጠረ ቃል የለም፤ ነገር ግን የተቆረጠበት ቦታ ትርጉሙን ገለበጠው። ይህ አደጋ በየትኛውም ቋንቋ አለ፤ በአማርኛ ግን በተለይ ይጠነክራል። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። መፍቀዱም መከልከሉም፣ መኖሩም አለመኖሩም የሚታወቀው አራት ነጥቡ አጠገብ ባለው ቃል ነው። ስለዚህ ግሱ ላይ ሳይደርስ የቆመ ጥቅስ ስለ ምን እንደሚናገር እንጂ ምን እንደሚል አይነግረንም። ለእንግሊዝኛ ሰነድ የተዘጋጀ መሣሪያ የጥቂት ቃላት ቁራጭ ይበቃኛል ሊል ይችላል። ለአማርኛ ግን ደንቡ ከአራት ነጥብ እስከ አራት ነጥብ መሆን አለበት። ይህን ተራው ፕሮግራም ራሱ ሊያስከብረው ይችላል፤ ጥቅሱ የተገኘበትን ቦታ ስለሚያውቅ ወዲያው ቀጥሎ አራት ነጥብ መኖሩን ያያል። ከሌለ ጥቅሱን ይጥላል፤ ወይም እስከ ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ዘርግቶ ሙሉውን ያሳያል። አንቀጽ 9 ሙሉውን ቢታይ ኖሮ ግኝቱ ከጥቅሱ ጋር ጎን ለጎን መቆም አይችልም ነበር።

ከመቁረጥ ጋር የሚዛመድ ሌላ ጉድለትም አለ። ጥቅሱ እጅግ ካጠረ የትም ይገኛል። «ተከራይ» የሚል ባለ አንድ ቃል ጥቅስ እያንዳንዱ አንቀጽ ላይ ያልፋል። ባዶ ጥቅስ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ሞዴሉ የጥቅሱን ቦታ ክፍት ትቶት ቢያልፍ፣ ከላይ ያየናት የፓይተን መስመር ባዶውን ነገር ማንኛውም ጽሑፍ ውስጥ «አገኘሁት» ብላ `True` ትላለች። ይህን ያላሰበበት ሰው የሠራው ማገናዘቢያ፣ ምንም ማስረጃ ያልቀረበለትን ግኝት ሙሉ በሙሉ እንደተረጋገጠ አድርጎ ያሳልፋል። የሙሉ ዓረፍተ ነገር ደንብ ይህንንም ቀዳዳ ይደፍነዋል።

አምስተኛው ስለ ውል ማቋረጥ ነው። ጥቅሱ «አከራይ ውሉን ለማቋረጥ ሲፈልግ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ከአንቀጽ 11 የተወሰደ ነው፤ ፊደሉም ልክ ነው። ግኝቱ ተከራዩ ሦስት ወር ሳይነገረው ሊወጣ እንደማይችል ያጽናናል። የአንቀጹ ቀጣይ ዓረፍተ ነገር ግን «ሆኖም ተከራይ በአንቀጽ 7 የተመለከተውን ግዴታ ሁለት ጊዜ ከጣሰ አከራይ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል።» ይላል። ሁለት ጊዜ ዘግይቶ የከፈለ ነጋዴ ሦስቱን ወር አያገኛትም።

እዚህ ላይ መዝጋቢዋ ማኅተሟን መትታለች፤ ስህተቱ ከእሷ ሥልጣን ውጭ ነው። ለንደን ያለው የዲፕማይንድ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2022 ጎፈርሳይት የተባለ ሞዴል ሲያቀርብ ይህንኑ ወሰን በግልጽ አሳይቶ ነበር። ጎፈርሳይት ለሚሰጠው መልስ ከሰነድ የተወሰደ ጥቅስ ያቀርባል። ሲጽፍም ጥቅሱ ከሰነዱ ውጭ እንዳይወጣ ተደርጎ ስለተገደበ፣ ጥቅስ መፍጠር አይችልም። ሆኖም ሬድ ቡል የተባለው መጠጥ ለሚጠጣው ሰው ምን እንደሚሰጥ ሲጠየቅ ክንፍ ብሎ መልሷል። የመጠጡ ማስታወቂያ መፈክር ይህን ስለሚል ጥቅስ አላጣም። ተመራማሪዎቹም በማስረጃ የተደገፈ ነገር ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ራሳቸው ጽፈዋል።

ስለዚህ ከፍለጋው በኋላ ሌላ ንባብ ያስፈልጋል፤ ጥያቄውም የተለየ ነው፦ ይህ ጥቅስ ይህን ግኝት ይሸከማል ወይ? ይህን የሚመልሰው ሰው ነው፤ ሥራው ሲበዛ ሌላ ሞዴል ሊያግዘው ይችላል። የመጀመሪያው ማገናዘብ ለዚህ ንባብ የሚያወርሰው ትልቅ ነገር ቦታውን ነው። ጥቅሱ አንቀጽ 11 ላይ መሆኑ ከታወቀ፣ ፕሮግራሙ ያንን አንቀጽ ሙሉውን አውጥቶ ከግኝቱ ጎን ያስቀምጣል። አንባቢው አምስት ገጽ ማገላበጥ አይጠበቅበትም፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር አንብቦ «ሆኖም» የሚለውን ያያል። ውል በሚመረምር ሥራ ላይ፣ ጥቅሱን ብቻ ነጥሎ ማሳየት ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው እላለሁ፤ ልዩ ሁኔታዎች ብዙ ጊዜ የሚደበቁት ከዋናው ደንብ ቀጥለው ነውና።

የወደቁት ግኝቶችስ ምን ይሁኑ? የተለመደው አሠራር ጥቅሱ አለመገኘቱን ለሞዴሉ ነግሮ አንድ ጊዜ እንዲያስተካክል ዕድል መስጠት ነው። የሦስተኛው ግኝት ዓይነት የፊደል ግድፈት በዚህ ይቃናል። ሁለተኛው ግን አደገኛ ነው። ስለ ጭማሪው ሌላ ጥቅስ እንዲያመጣ ከተጫኑት፣ ሞዴሉ ስለ ቅድሚያ ክፍያ ከሚናገረው ከአንቀጽ 4 እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ከጭማሪው ሥር ሊያስቀምጠው ይችላል። ያኔ ፍለጋው ያሳልፈዋል። ቀድሞ ጥቅሱ ላይ የነበረው ፈጠራ አሁን ጥቅሱንና ግኝቱን በሚያገናኘው ክር ላይ ተዛውሯል፤ እዚያ ደግሞ ለመያዝ ይከብዳል። ስለዚህ በድጋሚ ሲጠየቅ የሚሰጠው ምርጫ «ጥቅሱን አርም ወይም ግኝቱን ሰርዝ» የሚል ቢሆን ይሻላል። በሁለተኛ ሙከራ ያለፈ ግኝትም ያንን የሚያሳይ ምልክት ቢደረግበት አንባቢው ጠንከር ብሎ ያየዋል።

አንዳንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጥቅስ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ይወድቃሉ። ያኔ ሞዴሉን ከመውቀስ በፊት ሰነዱን ማየት ይበጃል። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተተየበ ደብዳቤ ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል፤ ጽሑፉ ሲገለበጥ ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ይወጣል። ሞዴሉ የገጹን ምስል አይቶ በትክክል ጠቅሶ ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ግን የሚፈልገው በዚያ ድብልቅልቅ ውስጥ ነው። ስካን የተደረገ ውል ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል። ከምስል ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው መሣሪያ የቅድሚያ ክፍያውን 180,000 ብር 130,000 ብሎ ካነበበው፣ ሞዴሉም ፍለጋውም የሚያዩት ይህንኑ ስህተት ነው፤ ጥቅሱ ያለ እንከን ያልፋል። ማገናዘቡ የተደረገው ከዋናው ጋር ሳይሆን ከተበላሸ ቅጂ ጋር ነበርና። ውሉ ገንዘቡን በአኃዝም በፊደልም ጽፎት ከሆነ ግን ሁለቱ አለመስማማታቸው ነገሩን ያጋልጠዋል። ስለዚህ ጥቅሱ ሁለቱንም እንዲይዝ ማስገደድ ይጠቅማል።

የቀረው፣ ጥቅስ ሊቀርብለት የማይችለው የግኝት ዓይነት ነው። «ውሉ መያዣው መቼ እንደሚመለስ አይናገርም» የሚል ግኝት ለተከራይ እጅግ ይጠቅማል፤ ግን የሌለን ነገር ከየት ይጠቅሱታል? ሞዴሉ ለእያንዳንዱ ግኝት ጥቅስ እንዲያቀርብ ሲገደድ እንዲህ ያለውን ይተወዋል፤ ወይም ምንም የማይገናኝ ጥቅስ ይለጥፍበታል። ለዚህ የተለየ ሳጥን መኖር አለበት። የተለመዱ የኪራይ ጉዳዮች ዝርዝር አስቀድሞ ይዘጋጅና፣ ሞዴሉ ለእያንዳንዱ ጥቅስ ያምጣ ወይም «አላገኘሁም» ይበል። «አላገኘሁም» የተባለውን ፕሮግራም ሊያረጋግጠው አይችልም፤ ሰው ውሉን ማንበብ አለበት።

ሞዴሉ ሳያየው ያለፈውንም ነገር ማገናዘቡ አይነግረንም፤ የሚመረምረው የቀረበለትን ብቻ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ጥቅስ ቦታው ስለታወቀ፣ የተጠቀሱትን ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ ውሉ ላይ በቀለም ማስመር ይቻላል። ያልተቀለመው፣ አንድም ግኝት ያልነካው የውሉ ክፍል ነው። በእኛ ውል ላይ አንቀጽ 7፣ 8፣ 9 እና የአንቀጽ 11 መጀመሪያ ቀለም አግኝተዋል። ነጭ ሆነው ከቀሩት መካከል አንቀጽ 12 እንዲህ ይላል፦ «ተከራይ በራሱ ወጪ በሱቁ ውስጥ የሠራው ማንኛውም ግንባታ ውሉ ሲያበቃ ያለ ካሳ የአከራይ ይሆናል።» መደርደሪያውን፣ ኮርኒሱንና የመስታወት በሩን በገዛ ገንዘቡ ሊያሠራ ያሰበው ተከራይ ከሁሉም በላይ ሊያነበው የሚገባው አንቀጽ ይኼ ነበር።